«የአራስ ነገር ነው፣ ይለቃታል» እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከወለደች ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሕፃኑ ተኝቶም እሷ አትተኛም። ታለቅሳለች፣ «እኔ ለእናትነት አልሆንም» ትላለች። እናቷ ግን «የአራስ ነገር ነው፣ ይለቃታል» ይላሉ። መድኃኒት እንዳትወስድ ደግሞ ጡት ታጠባለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አማትዎ የሚሉት ነገር አለ፤ ጊዜው ግን አልፏል። በወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብዙ እናቶች ሆድ ይብሳቸዋል። ሲስቁ ቆይተው ያለቅሳሉ። በእርግዝና ከፍ ብሎ የነበረው ሆርሞን በአንዴ ይወርዳል፣ እንቅልፍም የለም። ይህ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ይብስና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል።

እኔን ያሳሰበኝ እንቅልፏ ነው። አራስ እንቅልፍ ቢያጥራት አይገርምም። ሕፃኑን ሌላ ሰው ይዞላት፣ ቤቱም ጸጥ ብሎ ዓይኗ እምቢ ካለ ግን ድካም ብቻ አይደለም።

ጤና ተቋም ውስጥ የኤድንብራ መጠይቅ የሚባል አለ። አስር ጥያቄ ነው፤ ያለፉትን ሰባት ቀናት ይመለከታል። እንደ በፊቱ መሳቅ ትችያለሽ? ነገር ሲበላሽ ያለ ጥፋትሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ? በሐዘን የተነሳ እንቅልፍ አጥተሻል? ነጥቡ ከ0 እስከ 30 ነው። ብዙ ቦታ 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ በደንብ ያነጋግራታል። ነጥቡ ብቻውን በሽታ ነው ብሎ አይፈርድም።

አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። እዚህ ላይ «አልፎ አልፎ ያስበኛል» ካለች ጠቅላላ ነጥቡ ቢያንስም በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለባት። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም። ብቻ እንግዳ በሌለበት ይጠይቋት። አራስ ጠያቂዎች ተሰብስበው ገንፎ እየተበላ «እንዴት ነሽ?» ብትባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

ሐኪሙ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያዝላት ይሆናል፤ ሁለቱም ድብርት ይመስላሉ። ችግሩ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ከበረታ መድኃኒት ይጨመራል። ሰርትራሊን የሚባለው ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች በብዛት ይመረጣል። ለውጡ እስኪታይ ግን ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው፣ ወይም ሲሻላቸው «ድኛለሁ» ብለው ያቆሙታል። ሁለቱም ስህተት ነው፤ ከተሻላት በኋላም ወራት መቀጠል አለባት።

እርስዎ ደግሞ ሌሊት አንዱን ተራ ይውሰዱ። ከጡቷ የታለበ ወተት ለሕፃኑ በኩባያ ስጡት፤ እሷ አራት አምስት ሰዓት ሳትቀሰቀስ ትተኛ።

ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እሷ ከሰማች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ወይም ስለ ሕፃኑ የማይመስል ነገር አምና ከያዘች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ጠበል ብትፈልጉ ከሕክምናው ጎን ይደርሳል። መጀመሪያ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት፤ እስከዚያው ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አይተዋት።