ዲግሪ ከመቁጠርህ በፊት ቅንፉን ፍታ

ጥያቄ፦ መምህር፣ x ወደ ኢንፊኒቲ ሲሄድ የ `((2x+1)^3 − 8x^3) / (3x^2 − 5x + 1)` ሊሚት ስንት ነው? ላዕላዩ ዲግሪ 3፣ ታህታዩ ዲግሪ 2 ስለሆነ ኢንፊኒቲ ብዬ መለስኩ። ጓደኛዬ 8/3 ነው አለኝ። ካልኩሌተር ላይ x=1000 ሳስገባ ደግሞ 4.0087 ወጣ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ካልኩሌተሩን እመን፤ ለዚህኛው ቁጥር ብቻ ግን። 4.0087 የሚለውን ሳይ ጥርጣሬዬ ወዲያው ቅንፉ ላይ አረፈ። የላዕላዩ ዲግሪ የምር በ1 ቢበልጥ ኖሮ x 1000 ላይ ሲደርስ መልሱም በሺዎች ይቆጠር ነበር። አራት አካባቢ ከቆመ ላይኛው ክፍል ውስጥ ትልቁ ኃይል ተጣፍቷል ማለት ነው። ፈትተህ እየው፦

```
(2x+1)^3 = 8x^3 + 12x^2 + 6x + 1
(2x+1)^3 − 8x^3 = 12x^2 + 6x + 1
```

`8x^3` ከ `8x^3` ጋር ተቀናንሶ ጠፋ። የቀረው ዲግሪ 2 ነው፤ ታህታዩም ዲግሪ 2። ዲግሪዎቹ እኩል ሲሆኑ የመሪዎቹን ኮፊሸንት ታካፍላለህ፤ 12/3 = 4። ቅንፍ ሳትፈታና ተመሳሳዮቹን ሳትሰበስብ ዲግሪ አትቁጠር።

መሪዎቹን ብቻ ማካፈል ለምን እንደሚበቃ ግን ቆም ብለህ ተመልከት፤ ብዙ ሰው ደንቡን ሸምድዶ ይህን ስለሚዘል ነው የሚሳሳተው። ላይና ታቹን በአንድ ዓይነት ነገር፣ በታህታዩ ትልቅ ኃይል፣ ማለትም በ `x^2` አካፍል፦

```
(12 + 6/x + 1/x^2) / (3 − 5/x + 1/x^2)
```

x በጣም ሲተልቅ `6/x`፣ `5/x` እና `1/x^2` ሁሉም ወደ 0 ይጠጋሉ። ላይ 12፣ ታች 3 ይቀራል። ለምን የታህታዩን ኃይል መረጥን? ታች 0 ያልሆነ ቁጥር ላይ እንዲረጋ ነው። በ `x^3` ብታካፍል ላይ `12/x + 6/x^2 + 1/x^3`፣ ታች `3/x − 5/x^2 + 1/x^3` ይሆናል። አሁን ሁለቱም ወደ 0 ይሮጣሉ፤ 0/0 ላይ ደርሰህ ምንም ሳታውቅ ትቆማለህ። ስሌቱ አልተሳሳተም፣ የመረጥከው አካፋይ ግን የትም አያደርስም። ከዚህ የባሰው ላዩን በ `x^3`፣ ታቹን በ `x^2` ማካፈል ነው። እዚያ ላይ ክፍልፋዩ ራሱ ተለውጧልና የሌላ ጥያቄ መልስ ነው የምታገኘው።

ጓደኛህ 8/3ን ያገኘው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፦ በዓይኑ ካየው ትልቅ ኃይል ፊት ያለውን 8 አንስቶ ታች ባለው 3 አካፈለ። እንዲህ ዓይነቱ አቋራጭ ካንተ ስህተት ይብሳል። የዲግሪው ልዩነት 1 ነው ብሎ ካመነ እንኳ የኮፊሸንት ክፍፍል መልስ አይሆንም፤ መልሱ ኢንፊኒቲ ነበር መሆን ያለበት።

መልሱን ለማረጋገጥ ሦስት ቁጥር ይበቃል። x=10 ሲሆን 5.0239፣ x=100 ሲሆን 4.0880፣ x=1000 ሲሆን 4.0087። ከ4 ያለው ርቀት x በአሥር ሲባዛ በአሥር አካባቢ እየተካፈለ ይቀንሳል። እንዲህ በሥርዓት ከጠበበ መልሱ ጤነኛ ነው።

አሁን ስለ ርካሽ ካልኩሌተር። «እስቲ በጣም ትልቅ ቁጥር ላስገባ» ብለህ `x = 10^16` ብታስገባ መሣሪያህ 15 አሃዝ ብቻ የሚይዝ ከሆነ `2x+1` ውስጥ ያለውን 1 ይጥለዋል። ቁጥሩ በትክክል ለመጻፍ 17 አሃዝ ይፈልጋልና። ከዚያ `(2x)^3 − 8x^3` ይሆንና 0 ያሳይሃል፤ ወይም ማጠጋጋቱ የተረፈውን ትርኪ ምርኪ። አንተም ሊሚቱ 0 ነው ብለህ ትጽፋለህ። ቅንፉን ከፈታህ በኋላ ያገኘኸውን `12x^2 + 6x + 1` አስገባበት፤ ያኔ የሚቀናነስ ግዙፍ ቁጥር ስለሌለ አይሳሳትም። ደግሜ እላለሁ፤ መጀመሪያ ፍታ፣ ሰብስብ፣ ከዚያ ዲግሪ ቁጠር።

x ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ቢሄድስ? እዚህ ላይ መልሱ ያው 4 ነው፤ `6/x`ና መሰሎቹ ከየትኛውም ወገን ወደ 0 ይጠጋሉ። የጥያቄው ምልክት `− 8x^3` መሆኑ ቀርቶ `+ 8x^3` ቢሆን ግን መሪው `16x^3` ይሆናል፤ ክፍልፋዩም ለትልልቅ x እንደ `16x/3` ይሠራል። ያኔ በቀኝ ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ፣ በግራ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ነው። የደብተርህ ጥያቄ ላይ ያለውን ምልክት እንደገና አይተህ አረጋግጥ።