ጥያቄና መልስ፦ ጋራዡ 160,000 አለ፣ ኢንሹራንሱ 86,400፤ ቀሪው የት ገባ?

የሚኒባስ ባለቤት፣ ደሴ፦ ሰላም ጋሼ። ሚኒባሴ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ በጉም ከቆመ አይሱዙ ኋላ ገባች። ሙሉ መድን አለኝ። ጋራዡ የ160,000 ብር ፕሮፎርማ ሰጠኝ፤ ኢንሹራንሱ ግን 86,400 ውሰድ ይለኛል። ምነው ብል «ኤክሰስ ነው» አሉኝ። የ73,600 ብር ኤክሰስ አለ እንዴ?

መልስ፦ አብሽር፣ ዋናው ሰው መትረፉ ነው። ኤክሰስ ማለት ከጉዳቱ ላይ አንተ ራስህ የምትሸከመው ድርሻ ነው፤ ብቻውን ግን ይህን ያህል አይበላም። የካሳ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሠራ አይቼዋለሁ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ የእርጅናን፣ ከዋጋ በታች የማስመዝገብንና የኤክሰስን፣ ሦስቱንም ቅናሽ አንድ ላይ «ኤክሰስ» ብሎ ይገላግላል፣ ባለንብረቱም ያንኑ ቃል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሒሳቡን ለማየት አራት ነገር ላክልኝ፦ ፕሮፎርማው ውስጥ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ስንት እንደሆነ፣ መኪናዋን በስንት እንዳስመዘገብካት፣ መሐንዲሳቸው የአደጋው ዕለት ዋጋዋን ስንት ብሎ እንደገመተ፣ እና ፖሊሲው ላይ የተጻፉትን መቶኛዎች።

ያው የሚኒባስ ባለቤት፦ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ራዲያተርና የፊት መብራቶች ተደምረው 100,000። ቅጥቀጣና ቀለም 60,000። ያስመዘገብኩት በ1,200,000 ነው። እነሱ ዋጋዋ 1,600,000 ነው ብለዋል። ኤክሰሱ «ከጉዳቱ 10 በመቶ፣ ከ5,000 ብር የማያንስ» ይላል። የእርጅና ደግሞ 20 በመቶ የሚል ነገር አለ። እኔ ግን ዋጋዋ ጨመረ ብለው ለምን ይቀጡኛል? ይሄ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር እኮ።

መልስ፦ እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

መጀመሪያ እርጅና። አሮጌ ራዲያተር ወልቆ አዲስ ሲገባ መኪናዋ ከአደጋው በፊት ከነበረችበት ትሻላለች። መድን የሚመልስህ ወደነበርክበት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን አንተ ትሸፍናለህ ነው ነገሩ። ስለዚህ 20 በመቶው የሚነሳው ከአዲስ ዕቃ ነው። ከ100,000 ላይ 20,000። የቅጥቀጣ እጅ ግን አያረጅም፤ ባለሙያው ዛሬ ለሠራው ሥራ የምን እርጅና አለ? ስለዚህ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው 80,000 እና 60,000፣ ማለትም 140,000 ነው።

ቀጥሎ ያ ደስ ሊልህ የነበረው ዋጋ መጨመር። 1,600,000 የምታወጣ መኪና በ1,200,000 ስታስመዘግብ አረቦን የከፈልከው ለመኪናዋ ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ለቀረው አንድ አራተኛ መድን ሰጪው አንተው ራስህ ነህ። ይህ ደግሞ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትወድም ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ለአንዲት ፓራውልትም ይሠራል። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ጉዳቱ 140,000 ነው፣ እኔ ያስመዘገብኩት 1,200,000፤ ይበቃል» ይላል። አይበቃም፤ ከ140,000 ሦስት አራተኛው 105,000 ነው።

በመጨረሻ ኤክሰሱ። ከ105,000 10 በመቶ 10,500 ነው። የሚቀረው 94,500።

እነሱ ያቀረቡልህ ግን 86,400 ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ስፈትሸው፣ 20 በመቶውን ከሙሉው 160,000 ላይ አንስተውታል። 128,000 ይሆናል፤ ሦስት አራተኛው 96,000፤ 10 በመቶ ሲነሳ ልክ 86,400። የእጅ ዋጋህንም አስረጅተውታል ማለት ነው። ፖሊሲህ «ከተቀየሩ ዕቃዎች ላይ» ካለ 8,100 ብር ይቀርሃል። «ከጠቅላላ የጥገና ወጪ» ካለ ግን ልክ ናቸው፤ እንዲህ የሚጽፍም ይኖራል። ቃሉን አንብበህ ንገረኝ።

የታክሲ ሹፌር፣ ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉንማ ለራሳቸው እንዲመች አድርገውት ነው። ኤክሰሱን መጀመሪያ ቢያነሱት ኖሮ የባለ ሚኒባሱ ብር ይበዛ ነበር። ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል።

መልስ፦ ግማሹን አግኝተኸዋል። ኤክሰሱ በመቶኛ ሲሆን ከፊትም አነሳኸው ከኋላ አንድ ነው፤ 140,000 ላይ 10 በመቶ ብታነሳ 126,000፣ ሦስት አራተኛው ተመልሶ 94,500። ለውጥ የሚመጣው ኤክሰሱ ቁርጥ ብር ሲሆን ነው። 8,000 ብር ቁርጥ ነው እንበል። ከኋላ ሲነሳ 97,000 ትወስዳለህ፤ ከፊት ሲነሳ 99,000። የ2,000 ብር ልዩነት። የትኛው መቅደም እንዳለበት ፖሊሲው በግልጽ ካልጻፈ ብትጠይቅ አያስወቅስህም።

የባጃጅ ሹፌር፣ ቧንቧ ውሃ፦ የኔ ሦስተኛ ወገን ነው። ባለፈው ሳምንት አጥር ገጭቼ የፊት ጎማዬ ተጣመመ። ኤክሰሱ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤክሰስ ከሚከፈል ካሳ ላይ ነው የሚነሳው። ሦስተኛ ወገን የአንተን ባጃጅ አያሠራም። ባለአጥሩ ከጠየቀህ ግን ለኢንሹራንስህ ቶሎ አሳውቅ፤ አደጋን በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ በሕግ የተጻፈ ነው። አንተ ሳምንት ሆኖሃል፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂድ።

የጨርቅ ነጋዴ እናት፣ ሰኞ ገበያ፦ የኔ ወንድም፣ ልጄ መኪናዋን አቁሟት ሌላ ሰው ነው የገጨበት። ትራፊክም ጥፋቱ የዚያኛው ነው ብሎ ጽፏል። የኛ ኢንሹራንስ ግን ኤክሰስ ቆረጠ። ጥፋት የሌለበት ሰው ኤክሰስ አይከፍልም ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እቴ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፣ ግን ኤክሰስ የጥፋት ቅጣት አይደለም። በእናንተ ፖሊሲ እስከተስተናገዳችሁ ድረስ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ እናንተ ትሸከማላችሁ። ኢንሹራንሳችሁ የከፈለውን ከገጨው ሰው የማስመለስ መብት አለው፤ ኤክሰሳችሁን ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ከሰውየው ወይም ከእሱ ኢንሹራንስ መጠየቅ ትችላላችሁ። የትራፊኩን ሪፖርት ቅጂና የተቆረጠባችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ። አንዳንድ ኩባንያ ገጪው ታውቆ ኢንሹራንስ ካለው ኤክሰሱን ይተዋል፤ ያ ግን የእነሱ አሠራር እንጂ ግዴታቸው ነው ብዬ አልነግርዎትም።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦ የኔ የሕክምና ነው። መሥሪያ ቤታችን የቡድን ሕክምና መድን ገብቶልናል። ባለቤቴ ታማ 18,000 ብር ከፈልኩ፤ የተመለሰልኝ 14,400 ነው። እኔም እርጅና ተቆረጠብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አሳቅከኝ፤ ባለቤትህ እንዳትሰማ። የአንተ የጋራ ክፍያ ነው፣ 20 በመቶ። ከ18,000 ላይ 3,600 አንተ፣ 14,400 እነሱ። ከኤክሰስ የሚለየው፣ ኤክሰስ ብዙ ጊዜ ለአንድ አደጋ አንዴ የምትሸከመው ሲሆን፣ የጋራ ክፍያ ግን በታከማችሁ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ አብሮህ ይሄዳል። ሌላ የሚያሳንሰው ነገር የዓመቱ ጣሪያ ነው። አሁን ያልነካህ ጣሪያው ገና ስላልሞላ ይሆናል። የሰው ሀብት ክፍላችሁ ዘንድ የውሉ ቅጂ አለ፤ ቀሪ ጣሪያህን ጠይቅ።

የሚኒባስ ባለቤት፦ ጋሼ፣ 1,600,000 ያሉትን ማን ፈቀደላቸው? ሊብሬው ያው ነው፣ መኪናዋም ያችው። ሲታደስም የእነሱ ወኪል ነው «እንዳምናው ይሁን» ብሎ የሞላው።

መልስ፦ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይሄ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 678 ካሳ ከንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ሲል የሚመለከተው አደጋው የደረሰበትን ቀን ዋጋ ነው። መሐንዲሶቹም የሚነሱት ከዚያ ቀን ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። በድሮ ዋጋ እያደሱ የሚነዱት ሁሉ፣ ሳያውቁት ከኢንሹራንሱ ጋር ተካፋይ ሆነዋል።

ግምቱ ግን ግምት ነው። ከሁለት ከሦስት መኪና ሻጮች የመኪናህን የምርት ዘመን፣ ያንኑ ሞዴልና ይዞታ የሚገልጽ የዋጋ ማስረጃ አምጣ። ዋጋዋ 1,500,000 ነው ብለህ ብታሳምናቸው ከ140,000 ላይ የምትወስደው ሦስት አራተኛ ሳይሆን አራት አምስተኛ፣ 112,000 ይሆናል፤ ኤክሰሱ ሲነሳ 100,800። በ100,000 የግምት ልዩነት 6,300 ብር ነው የምታተርፈው። ወኪሉ «እንዳምናው» ማለቱን በተመለከተ፣ የጽሑፍ ማስረጃ ካለህ ተከራከርበት፤ ከሌለህ ፊርማው የአንተ ስለሆነ ነገሩ ይከብዳል። ሁለቱንም ዓይነት ውጤት አይቻለሁ።

የመለዋወጫ ሻጭ፣ ፒያሳ፦ አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌውን ዕቃ ጋራዥ ጥሎት እንዳይሄድ። የኔ ደንበኛ የተቀጠቀጠውን ኮፈን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጦት፣ ኢንሹራንሱ «ዕቃችንን አምጣ» ብሎ ዋጋውን ከካሳው ቀነሰበት።

መልስ፦ ልክ ነህ። ከፍለው ካስቀየሩት አሮጌው ዕቃ የእነሱ ነው። ማስረከቢያ ደረሰኝ ተቀበሉ።

የሚኒባስ ባለቤት፦ ፖሊሲውን አገኘሁት። «ከተቀየሩ መለዋወጫዎች ዋጋ ላይ» ይላል። ግን ነገ ፈርመህ ቼክህን ውሰድ ብለውኛል። ፈርሜ ብወስድና ቀሪውን በኋላ ብጠይቅስ?

መልስ፦ አትፈርም። የሚሰጡህ ወረቀት ላይ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ቃል ካለ የ8,100 ብር ጥያቄህን እዚያው ትቀብረዋለህ። «ቀሪውን የመጠየቅ መብቴን ጠብቄ» ብለው ጽፈው የሚቀበሉ አሉ፤ አንዳንድ ቢሮ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ቼኩን መልሶ ኪሱ ይከታል።

ነገ ስትሄድ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቅ። የመጀመሪያው ሒሳቡ በመስመር በመስመር ተጽፎ እንዲሰጥህ፤ ሁለተኛው እርጅናው ከ100,000ው ዕቃ ላይ ብቻ እንዲሰላ፣ የፖሊሲውን ቃል ጠቅሰህ። የመኪናዋን ዋጋ ክርክር በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አትክተተው፤ ግልጹ ስህተት ከአከራካሪው ጋር ከተቀላቀለ አብረው ያጓትቱታል። ቅጂው ላይ ገቢ ማኅተም አስመታ። በሕጉ የመድን ጥያቄ 2 ዓመት ስላለው በአንድ ሳምንት የሚያመልጥህ ነገር የለም፤ ሚኒባሷ ቆማ የምታጣው የቀን ገቢ ግን ከ8,100ው ሊበልጥ ይችላል፣ እሱን አንተ ታውቀዋለህ።