ሱቅ ውስጥ የተሰማ የወሎ ዘፈን እንዴት ይገኛል?

«ደሴ ፒያሳ አንድ ልብስ ቤት ገብቼ የሰማሁት የድሮ የወሎ ዘፈን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። 20 ሰከንድ ያህል በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ሻዛም ምንም አያገኝም። ባለሱቁም “ከፍላሽ ነው” ከማለት በቀር አያውቀውም። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ፣ ሻዛም ዝም ቢልሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሻዛም ዜማ አይለይም፤ የሚለየው አንድን የተወሰነ ቅጂ ነው። ከድምፁ ውስጥ ጎላ ብለው የሚወጡ ነጥቦችን ይይዝና በመካከላቸው ያለውን ርቀት መዝገቡ ውስጥ ካሉት ጋር ያስተያያል። ቅጂው መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ቢውል ቢያድር አያገኘውም። በካሴት ወጥቶ በዚያው የቀረ የወሎ ዘፈን ደግሞ ሞልቷል።

ሌላው የሚያሳስተው የፍጥነት ለውጥ ነው። ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ቴፑ ትንሽ ከፈጠነ ዘፈኑ ከነድምፁ ይቀጥናል። አንዳንዱም ዩቲዩብ ላይ ሲጭን የቅጂ መብት ማጣሪያውን ለማለፍ ሆን ብሎ ያፈጥነዋል። ለኛ ጆሮ ያው ዘፈን ነው፣ ለሻዛም ግን ሌላ ነው። የዘፋኙ ድምፅ የልጅ ድምፅ ከመሰለሽ፣ ማሲንቆውም ከልክ በላይ ከቀጠነ ይህን ጠርጥሪ። Audacity በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ3፣ ከዚያም በ6 በመቶ ቀንሺና እንደገና ለሻዛም አሰሚው። 6 በመቶ በኪቦርድ ላይ አንድ ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም።

ዜማውን አንጎራጉሮ መፈለግም አለ። የጉግልን አፕ ከፍተሽ ማይኩን ንኪና Search a song የሚለውን ምረጪ፤ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አንጎራጉሪ። ይሄኛው ቅጂውን ትቶ ዜማውን ይፈልጋል። ለወሎ ዘፈን ግን ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በባቲ ወይም በአምባሰል ቅኝት አንዱን ዜማ ስንቱ ዘፍኖታል! ግጥሙም ከአንዱ ዘፋኝ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ የሚመጣልሽን ስም እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ መልስ አትውሰጂው። በኮሜንትም አትታለዪ። አምባሰል ሲነሳ የማሪቱ ለገሰ ስም አብሮ ስለሚነሳ፣ ሴት የዘፈነችውን አምባሰል ሁሉ «ማሪቱ ናት» የሚል አይጠፋም።

እኔ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት የሰማሁትን አንድ ባቲ ስፈልግ ጉግል የአንድ ወጣት ዘፋኝ ስራ አመጣልኝ። ዜማው ቁርጥ እሱ፣ አዝማቹም ያው። ግን የኔ ቅጂ በማሲንቆ ብቻ ይጀምርና ከበሮው ቆይቶ ይገባል፤ የወጣቱ ከመጀመሪያው በኪቦርድ ነው። የሁለተኛው ስንኝ ግጥምም ይለያል። ያኔ የሚፈለገው የቆየው ቅጂ እንደሆነ ገባኝ። አዝማቹን በፊደል ስጽፍ ብዙም አልመጣም፤ ሰው ርዕሱን በላቲን ነው የሚጽፈው። እነዚህን እየቀያየርኩ ፈለግሁ፦

```
wollo bati masinko
wello bati old
welo bahilawi cassette
```

የካሴት አንድ ገጽ ሙሉ በሙሉ የተጫነበት ቪዲዮ አገኘሁ። የዘፈኖቹ ስም ተለይቶ አልተጻፈም፤ የካሴቱ ሽፋን ግን በፎቶ ተያይዟል። የኔው በሀ ገጽ ሦስተኛ ላይ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ሦስተኛውን ርዕስ አነበብኩ። መካከል ላይ ያለ ዘፈን የመሣሪያ ሙዚቃ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ስትቆጥሪ እሱንም አትዝለይ። አንዳንዴ ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ከካሴቱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የርዕሱ ቃል አዝማቹ ውስጥ መኖሩን አረጋግጪ።

ያው ቅጂ መሆኑን ለማወቅ ሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ ክፈቺ። ያው ከሆነ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ዘፋኟ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ሳይቀር ይገጥማል። ሌላ ቅጂ ከሆነ ሁለት ስንኝ ሳይሄድ ይለያያል። መጀመሪያ ግን ፍጥነታቸውን አስተካክይ።

አሁን አንቺ ጋ ልምጣ። የለጠፍሽውን ሰማሁት። መጀመሪያው ላይ ስለ ጫማ ዋጋ የሚያወሩት ሰዎች ይሸፍኑታል፣ መጨረሻው ግን ጥርት ያለ ነው። ያቺን ቁራጭ ብቻ ለይተሽ ለሻዛም አሰሚ። ካልሆነ ወደ ሱቁ ተመለሺና የዘፈኑን ስም ሳይሆን ፋይሉን ጠይቂ። «Track 05» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ አብረውት ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ዘፈኖች የማን እንደሆኑ ተመልከቺ፤ አንዱ ከታወቀ የቀሩት የዚያው ካሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ፍላሹን ማን እንደጫነለትም ጠይቂው። ሚሞሪ የሚጭኑት ልጆች ዋናው ፋይል ከነስሙ ኮምፒውተራቸው ላይ ሊኖራቸው ይችላል። የፎልደሩን ፎቶ እዚህ ለጥፊውና አብረን እናየዋለን።