ኦፈሩን እምቢ ስትል «እምቢ» መሆኑ ይታወቅ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ካለ ድርጅት የሶፍትዌር ኢንጂነር ኦፈር መጣልኝ። እዚሁ ባሕር ዳር ሌላ ሥራ ስላገኘሁ አልቀበለውም። ሪክሩተሯ ግን በጣም ጥሩ ሰው ናት፤ ላስቀይማት አልፈልግም። በኢሜይል ምን ብዬ ልመልስላት?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የባሕር ዳሩን ኦፈር ፈርመሃል? ካልፈረምክ ይህን ኢሜይል ገና አትላክ። በቃል «አለቀ» የተባለ ሥራ ሲቀር አይቻለሁ። ከፈረምክ ግን ዛሬውኑ ላከው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንተ ቀጥሎ መልስ የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው አለ። አንተ «እንዴት ብዬ ልንገራት» እያልክ ሦስት ቀን ስትቆይ ያ ሰው ሌላ ቦታ ይገባል። ሪክሩተሯ የምትከፋው ያኔ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ኦፈር መጣልኝ። በየቀኑ ቢሮ መግባት ግዴታ ነበር። እኔ ደግሞ እናቴን ትቼ ከባሕር ዳር መውጣት አልችልም ነበር። ይህን መጻፍ አፈርኩና እንዲህ አልኩ፦ «ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ፤ ደመወዙ ግን ለአሁኑ ትንሽ ያንስብኛል።»

ይህ እምቢታ አይደለም። ለሚያነበው ሰው «ጨምሩልኝ» ማለት ነው። ሪክሩተሯም እንደዚያው ተረዳችው። የክፍሉን ኃላፊ ለመነች፣ ፋይናንስ ድረስ ሄዳ ተከራከረች። በአራተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ከጓደኞቼ ጋር ዓሣ እየበላሁ ስልኬ ጮኸ። «አስጨምሬልሃለሁ!» አለችኝ በደስታ። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለች። ቀጥላ «ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ስለ አንተ ስከራከር ነው የሰነበትኩት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደውላልኝ አታውቅም። እውነቷን ነው።

ለሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመኝ የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እከሊት፣
የላኩልኝን ኦፈር በጥሞና አይቼዋለሁ፤ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም ሥራውን እንደማልቀበል ለማሳወቅ እወዳለሁ።
ምክንያቴ ቦታው ነው። በቤተሰብ ጉዳይ ከባሕር ዳር መውጣት ስለማልችል እዚሁ ሆኜ የምሠራው ሥራ ተቀብያለሁ። በደመወዙ ቅር አልተሰኘሁም።
ከሁለተኛው ቃለ መጠይቅ በፊት ፈተናው ምን ላይ እንደሚያተኩር ስለነገሩኝ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። ኮዴን መስመር በመስመር አብረውኝ ላዩት ፈታኞችም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።
ወደፊት ከባሕር ዳር ሆኖ የሚሠራ የባክኤንድ ሥራ ከመጣ ቢያስታውሱኝ ደስ ይለኛል።
አክባሪዎ»

«እንደማልቀበል» የሚለው ቃል ገና ከመነሻው መጥቷል። «ለአሁኑ»፣ «ምናልባት»፣ «እያሰብኩበት ነው» የሚሉ ቃላት የሉም። እነሱ ትሕትና ይመስሉሃል፤ ለእሷ ግን ያልተዘጋ በር ናቸው።

ምክንያቱ አንድ ነው፣ እውነተኛም ነው። ሪክሩተር «ልጁ ለምን አልመጣም?» ተብላ ትጠየቃለች፤ መልሱንም ከስምህ ጎን ትመዘግበዋለች። «ደመወዝ» ብለህ ከሄድክ የሪሞት ሥራ ሲመጣ አንተን የምታስብበት ምክንያት የላትም። «ቦታ» ካልክ ግን ታስታውስሃለች። የአዲሱን ሥራ ደመወዝ ቁጥር አትጻፍ፤ ቁጥር ካየች ድርድር ሊመስላት ይችላል። የቤተሰብህንም ነገር መዘርዘር አይጠበቅብህም።

ምስጋናው እሷ በእርግጥ ያደረገችልህን አንድ ነገር ይጥራ። «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ለማንም ይጻፋል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከልብህ ካልሆነ አውጣው።

ስልኳ ካለህ ቀድመህ ደውልላት፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ኢሜይሉን ከዚያው ቀን ሳታሳልፍ ኦፈሩ በመጣበት ኢሜይል ላይ «መልስ» ብለህ ላከው። አዲስ ከከፈትክ ከሌላው ሁሉ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋባታል። ኦፈሩ በእንግሊዝኛ ከመጣም በእንግሊዝኛ መልስ፤ አካሄዱ ያው ነው። የእሷን ኦፈር ቀድመህ ፈርመህላት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውሉ ላይ ስለ መልቀቅ የተጻፈውን ሳታነብ ምንም አትላክ።

ጨምረንልሃል ብላ ብትመጣስ? «ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ፤ ውሳኔዬ ግን አይለወጥም» በቂ ነው። ለቦታው የሚሆን ጓደኛ ካለህ ጠቁማት፤ ቁጥሩን ከመስጠትህ በፊት ግን እሱን አስፈቅድ።

ለዚያ ኢሜይል በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣልኝ፦ «ግልጽ ስለሆንክልኝ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ልጅ አሁኑኑ እደውልለታለሁ።» ከሰባት ወር በኋላ እሷው ራሷ ጻፈችልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ይህኛው ከባሕር ዳር የሚሠራ ነው» ይላል።