ፌሪቲን ሳይታይ አይረን መጀመር

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው። ሁሌ ይደክመኛል፣ ፀጉሬም ይረግፋል። ሂሞግሎቢንሽ 11.4 ነው አሉኝ። ፌሪቲን የሚባለው አልተሠራልኝም። አይረን ገዝቼ ልጀምር አስቤያለሁ፤ ባይጠቅመኝ እንኳ ምን ይጎዳኛል?»

እህቴ፣ ብዙ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሐኪም ግን ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝልሽም። የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ አይረኑን ከመጀመርሽ በፊት ፌሪቲኑን አሠሪ።

ሂሞግሎቢን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ከ12 በታች ሲኖራት የደም ማነስ አለባት ይባላል፤ ለወንድ መነሻው 13 ነው። ስለዚህ ያንቺ ቀላል የደም ማነስ ነው። ችግሩ ይህ ቁጥር ደምሽ ማነሱን እንጂ ለምን እንዳነሰ አይናገርም። በጣም የተለመደው ምክንያት የአይረን እጥረት ነው፤ ግን የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የቆየ ኢንፌክሽን፣ ከወላጅ የሚወረሰው ታላሴሚያም ሂሞግሎቢንን ያወርዳሉ። ለእነዚህ አይረን መፍትሔያቸው አይደለም።

ፌሪቲን ደግሞ ሰውነት ትርፍ አይረኑን የሚያስቀምጥበት መጋዘን ነው። ዋናው ክምችት ያለው ሴሎች ውስጥ ነው፤ ወደ ደም የምትወጣው ጥቂቷ ግን በውስጥ ምን ያህል እንዳለ ትጠቁማለች። አይረን ሲጎድል መጀመሪያ የሚራቆተው መጋዘኑ ነው፤ ሂሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ሂሞግሎቢኑ 13 ሆኖ ፌሪቲኑ 8 የሆነ ሰው እጥረት አለበት፣ ሂሞግሎቢኑን ብቻ ያየ ግን ጤነኛ ነው ብሎ ያሰናብተዋል። በተቃራኒው ሂሞግሎቢኑ ዝቅ ብሎ መጋዘኑ የሞላ ሰውም አለ። ለዚህ አንድ በቅርብ የማውቀውን ልንገርሽ።

የአክስቴ ልጅ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት። ሂሞግሎቢኗ 9.8 ሲመጣ ሰው ሁሉ «ደም አንሷት ነው» አለና አይረን ጀመረች። ወራት አለፉ። ድርቀቱ አስቸገራት፣ ማቅለሽለሹም አልቀረም፣ እሷ ግን መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብላ ቻለችው። እግሯ መደንዘዝ ሲጀምር ዕድሜ ነው አለች። በመጨረሻ እንደገና ስትመረመር ሂሞግሎቢኗ 9.3፣ ፌሪቲኗ 260፣ የቀይ የደም ሴሉን መጠን የሚለካው ኤም ሲ ቪ ደግሞ 114 ነበር። የተለመደው ኤም ሲ ቪ ከ80 እስከ 100 ነው። አይረን ሲያንስ ሴሉ ያንሳል፤ የእሷ ግን ከልክ በላይ ተልቋል። ቀጥሎ ቢ12 ተሠራላትና በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በመርፌ ሲሰጣት ሂሞግሎቢኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሰ፤ የእግሯ ድንዛዜ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፣ ምክንያቱም የቢ12 እጥረት በቆየ ቁጥር ነርቭ ይጎዳል። አይረኑ ራሱ ነርቯን አልነካም። የነካት አይረኑን እየወሰደች ትክክለኛውን ሕክምና ሳታገኝ ያለፈው ጊዜ ነው። እኔ በሥራዬ ከሁሉ ደጋግሜ ያየሁት ጉዳት ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ሰውነታችን ትርፍ አይረን አውጥቶ የሚጥልበት መንገድ የለውም። በቀን የሚጠፋው 1 ወይም 2 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ የተለመደው የፌረስ ሰልፌት ፍሬ ደግሞ ወደ 65 ሚሊግራም ንጹሕ አይረን ይይዛል። መቆጣጠሪያው በመግቢያው በር ላይ ነው። መጋዘኑ ሲሞላ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጭና አንጀት አይረን እንዳያሳልፍ ይከለክላል። በአብዛኛው ሰው ይህ በር ስለሚሠራ ጥቂት ሳምንት የወሰደ ሰው መርዝ አይሆንበትም፤ ያልገባው አይረን አንጀቱን እያስቸገረ ይወጣል። ሄሞክሮማቶሲስ የሚባል የዘር ችግር ያለባቸው ሰዎች ግን በሩ በደንብ አይዘጋላቸውም። አይረኑ ለዓመታት በጉበት፣ በልብ፣ በጨጓራ ጀርባ ባለው ኢንሱሊን በሚያመነጨው ቆሽት እና በመገጣጠሚያዎች ላይ ይከማቻል። የሚገርመው የዚህ የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ያ ሰው ደከመኝ ብሎ አይረን ቢጀምር የሚያደርገው ምን እንደሆነ አስቢው። በአንዳንድ የታላሴሚያ ዓይነቶችም አይረን እንዲሁ ይከማቻል።

አሁን ውጤቱ ሲመጣ እንዴት እንደሚነበብ። ጤነኛ በሆነ አዋቂ ፌሪቲን ከ15 በታች ከሆነ መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ክርክር የለውም። ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታችንም እንደ እጥረት ያዩታል። ወደ ላይ ያለው ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ፌሪቲን በኢንፌክሽን፣ በብግነት፣ በጉበት ሕመምና በአልኮል ይጨምራል። ጉንፋን ይዞሽ ብትመረመሪ 60 ሊል ይችላል፣ መጋዘኑ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ባለበት አዋቂ መነሻውን ወደ 70 ከፍ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሲአርፒ የሚባለውን የብግነት ምርመራ አብሮ ማሠራት ይጠቅማል። ፌሪቲኑ ከፍ ብሎ ከመጣ ደግሞ ከፍታው ከብግነት ይሁን ከእውነተኛ ክምችት የሚለየው በደም ውስጥ አይረን የሚያመላልሰው ፕሮቲን ምን ያህሉ በአይረን እንደተያዘ የሚያሳየው ትራንስፌሪን ሳቹሬሽን ነው፤ ደጋግሞ ከ45 በመቶ በላይ ከሆነ ሐኪም ጉዳዩን መከታተል አለበት።

ዝቅ ብሎ ቢገኝም ጥያቄው አላለቀም፤ አይረኑ የት ሄደ? በአንቺ ዕድሜ ብዙ ጊዜ መልሱ ከባድ የወር አበባ ነው። በወንድና የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ ግን ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚፈስ ድብቅ ደም መፈለግ አለበት፣ አንዳንዴም ከጀርባው ካንሰር አለ። አይረን ደግሞ ሰገራን ያጠቁራል፤ የላይኛው አንጀት መድማትም እንዲሁ። ሳይመረመሩ ከጀመሩ ያ ምልክት ሲመጣ «ከኪኒኑ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እጥረቱ ተረጋግጦ ሐኪም ሲያዝልሽ መሥራቱን የምታውቂው በሂሞግሎቢን ነው። በአራት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ በ1 ካልጨመረ ወይ በትክክል አልተወሰደም፣ ወይ አልተመጠጠም፣ ወይ ደም እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሂሞግሎቢኑ ሲስተካከል ወዲያው አይቆምም፣ መጋዘኑ እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለነፍሰ ጡሮች አይደለም። በእርግዝና ክትትል ፌሪቲን ሳይታይም አይረን የሚሰጠው ታስቦበት ነው፤ ማንም እዚህ ያነበበችውን ይዛ እንዳታቆም። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ኪኒኑን ቆልፋችሁ አስቀምጡ፤ ጥቂት ፍሬ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ለአንቺ፦ ጉንፋንም ትኩሳትም በሌለበት ቀን ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ፌሪቲንና ሲአርፒ በአንድ ደም አሠሪ። ድካምና የፀጉር መርገፍ ከታይሮይድም ስለሚመጣ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራም ይጨመር እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። የመጀመሪያው ወረቀትሽ አሁንም እጅሽ ላይ ካለ ኤም ሲ ቪ የሚለውን መስመር እይና ስንት እንደሚል እዚህ ጻፊልን።