ካፕምን ለመፈተን ኢንዴክስ ለምን አይበቃም?

ጥያቄ፦ «ሰላም የግሩፑ ቤተሰቦች። ከሐረር ነኝ። የማስተርስ ጽሑፌን በካፕም ላይ ልሠራ አስቤ ነበር። አማካሪዬ ግን “የገበያው ፖርትፎሊዮ ስለማይታይ ሞዴሉን መፈተን አትችልም” አለኝ። ኢንዴክስ እያለ ለምን አይቻልም?»

ሰላም ወንድሜ። እኔም እዚህ ድሬዳዋ ሆኜ በዚሁ ርዕስ ላይ ጽሑፍ ሠርቻለሁ። የናይሮቢ አክሲዮን ገበያን ዋጋ ሰበሰብኩ፣ የየአክሲዮኑን ቤታ አወጣሁ፤ ቤታ ማለት አክሲዮኑ ከገበያው ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚወዛወዝ የሚለካ ቁጥር ነው። ካፕም ደግሞ የአንድ አክሲዮን ተጨማሪ ትርፍ በቤታው ልክ ነው የሚል ሞዴል ነው። መጀመሪያ የተጠቀምኩት የ20 ኩባንያዎችን ኢንዴክስ ነበር። በኋላ ሁሉንም አክሲዮኖች በገበያ ዋጋቸው የሚመዝነውን ኢንዴክስ ስተካበት ቤታዎቹም ድምዳሜዬም ተለወጡ። የአክሲዮኖቹ መረጃ ግን ያው ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ካፕም «ገበያ» የሚለው የአክሲዮን ገበያን ብቻ አይደለም። ሰዎች የያዙትን ሀብት ሁሉ ነው። አጎቴን ውሰድ። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሱቅ አለው። ከዚራ ቤት አለው። አወዳይ የጫት ማሳ፣ ከጓደኛው ጋር ደግሞ በጋራ የገዙት አይሱዙ አለው። ትንሽ የባንክ አክሲዮንም አለችው። ከሁሉም በላይ ግን ያኖረው የ30 ዓመት የንግድ ልምዱና ደንበኞቹ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ኢንዴክስ ውስጥ ልትገባ የምትችለው የባንኳ አክሲዮን ብቻ ናት። የቤቱ ዋጋ በየወሩ አይታወቅም። ልምዱን ደግሞ ማንም አይገዛውም፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም ማለት ሳይሆን ዋጋውን የምናይበት ገበያ የለም ማለት ነው። አሜሪካም ቢሆን ያው ነው። ሰው ወደፊት የሚያገኘው ደመወዝ ትልቁ ሀብቱ ሆኖ ሳለ በየትኛውም ኢንዴክስ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ኢንዴክሱ ግምታዊ ነው፣ ትንሽ ስህተት ቢኖርበት ምን አለበት?» ትል ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የፋይናንስ ተመራማሪው ሪቻርድ ሮል በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳየው ግን ከዚህ የከበደ ነው። በትንሽ ቁጥር እንየው።

እርስ በርስ የማይያያዙ ሦስት አክሲዮኖች አሉ እንበል፦ ሀ፣ ለ እና ሐ። ከስጋት ነፃ ከሆነው ወለድ በላይ በአማካይ 2፣ 4 እና 8 በመቶ ያስገኛሉ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 10፣ 20 እና 20 በመቶ ነው። አሁን ሀ 40፣ ለ 20፣ ሐ 40 በመቶ የያዙበት ኢንዴክስ ሥራ። ቤታዎቹ 0.42፣ 0.83 እና 1.67 ይሆናሉ። የኢንዴክሱ ተጨማሪ ትርፍ 4.8 በመቶ ነው። በየቤታው ስታባዛው 2፣ 4 እና 8 ይመጣል። ልክክ አለ! «ካፕም ተረጋገጠ» ብለህ ልትጽፍ ነው።

ቆይ። አሁን ለሦስቱም እኩል ድርሻ ስጥ። የሀ ቤታ 0.33 ይሆናል፣ የለ እና የሐ ደግሞ ሁለቱም 1.33። ቤታቸው እኩል ነው፤ ግን አንዱ 4፣ ሌላው 8 በመቶ ያስገኛል። ካፕም ወደቀ። በአክሲዮኖቹ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፣ የተለወጠው የኢንዴክሱ ድርሻ ብቻ ነው።

ምስጢሩ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ኢንዴክስ ለተሸከመው ስጋት ከሁሉ የበለጠውን ትርፍ የሚሰጥ ስብጥር ነው፤ በሙያው ቋንቋ ቀልጣፋ ነው። በማንኛውም መረጃ ላይ እንዲህ ያለ ስብጥር ከመረጥክ የቤታና የትርፍ መስመር ያለ ምንም ስህተት ይገጥማል። የሚገጥመው ግን በሒሳቡ ምክንያት ነው፣ ስለ ሰዎች ባህርይ ምንም አይነግርህም። ስለዚህ የካፕም እውነተኛ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ሙሉው የገበያ ፖርትፎሊዮ ቀልጣፋ ነው ወይስ አይደለም? እሱን ሳታይ የፈተንከው ኢንዴክስህን ነው። ኢንዴክሱ ቀልጣፋ ሆኖ እውነተኛው ገበያ ላይሆን ይችላል፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ማለፉም መውደቁም ሞዴሉ ጋ አይደርስም።

ይህን ለመሻገር የሞከሩ አሉ። ስታምባው የተባለ ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. በአክሲዮኑ ላይ ቦንድ፣ ሪል እስቴትና የቤት ዕቃ ጨምሮ ሞከረ፤ ድምዳሜው ብዙም አልተለወጠም። ይህ ደግ ዜና ነው፣ አልክድም። የሰው ሙያና ጉልበት ግን በእሱም ሥራ ከውጭ ቀርቷል፤ ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነው። የእኛ አገር የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ገና በ2017 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። በጥቂት ኩባንያዎች ላይ ተመሥርተህ «የኢትዮጵያ ገበያ» ብትል ቀዳዳው የባሰ ይሰፋል።

ርዕሱን ግን አትጣለው። ቢያንስ በሁለት ኢንዴክስ ሥራውና ውጤቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። የሚለያዩ ከሆነ ልዩነቱ ራሱ ግኝትህ ነው። ድምዳሜህ ላይ «ካፕም አይሠራም» ብለህ አትጻፍ፤ «ይህ ኢንዴክስ በዚህ ዘመን መረጃ ቀልጣፋ ሆኖ አልተገኘም» በል። እኔን ጽሑፌን ለፈታኞች ባቀረብኩበት ቀን ያስጨነቀኝ ይህቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ቁጥሮቹን በኤክሴል ራስህ ሞክራቸው፣ ካልገጠሙልህ እዚሁ ጻፍልኝ።