ካረጡ በኋላ የሚመጣ ድርቀትና የግንኙነት ሕመም፦ ጥያቄና መልስ

የ54 ዓመት እናት፣ ከአዳማ፦ የወር አበባዬ ከቀረ አራት ዓመት ሆነኝ። ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝ እንደ ምላጭ ይቆርጠኛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሽንቴ ያቃጥለኛል። የፈንገስ መድኃኒት አምስት ጊዜ፣ የሽንት ቧንቧ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ወሰድኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በ22 ዓመት የአዋላጅ ነርስነት ሥራዬ እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ። አብዛኞቹ የጨረሱትን የፈንገስ መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ በቦርሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር። ሳይመረመሩ ይህ ነው ብዬ አልቆርጥም፤ የነገሩኝ ግን ከማረጥ በኋላ የሚመጣውን የብልትና የሽንት አካላት መሳሳት በጣም ይመስላል።

የብልት ግድግዳ፣ የሽንት መውጫው ቧንቧና የፊኛው አንገት ሦስቱም የሚለሙት በኢስትሮጅን ነው። ሆርሞኑ ሲቀር ግድግዳው ይሳሳል፣ እጥፋቶቹ ይጠፋሉ፣ እንደ ልቡ መለጠጥ ያቅተዋል። በውስጡ ይኖሩ የነበሩት ጠባቂ ባክቴሪያዎችም ምግባቸው ይቋረጥባቸዋል። እነሱ ሲቀንሱ ብልትን ከጀርም የሚጠብቀው አሲድነት አብሮ ይሄዳል፤ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቧንቧ የሚገባበት መንገድ ይከፈታል። ስለዚህ የግንኙነቱ ሕመምና የሽንቱ ማቃጠል የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው። ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱን በአንድ ስም የጠሩት የቀድሞው ስያሜ የሽንቱን ችግር ስለሚረሳ ነው።

ፈንገስ ብዙውን ጊዜ የሚያሳክክ ሲሆን እንደ አይብ የረጋ ነጭ ፈሳሽ ያመጣል። ስኳር የሌለባት፣ ሆርሞን የማትወስድና ያረጠች ሴት ደግሞ በፈንገስ እምብዛም አትያዝም። የሽንቱንም ቢሆን ሌላ አንቲባዮቲክ ከመዋጥዎ በፊት የሽንት ካልቸር ያሠሩ። ባክቴሪያ ካልበቀለ ሲታከሙበት የቆዩት ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚያሳክክዎት ከውጭ በኩል ከሆነና ቆዳው እንደ ወረቀት ነጥቶ ከተሸበሸበ ግን የተለየ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ሌላ ስለሆነ በዓይን መታየት አለበት።

ከደሴ፦ ቫዝሊን ወይም ለጋ ቅቤ ብንቀባ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ቫዝሊን ከውስጥ ቶሎ አይወጣም፤ የባክቴሪያ መዛባትም ሊያመጣ ይችላል። ቅቤንም ለዚህ አልመክርም። ከፋርማሲ የሚገዛው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ ሴቶቻችን ደግሞ ሁለቱን ያምታታሉ። ማለስለሻ ለግንኙነቱ ሰዓት ብቻ ነው፤ በእሱም በእርስዎም በኩል በደንብ ይቀባል። እርጥበት ጠባቂው ጄል ግን ግንኙነት ኖረም አልኖረም በየሁለትና በየሦስት ቀኑ የሚገባ ነው፤ ፊት ላይ እንደሚቀባ ቅባት ዘወትር ካልተደረገ ጥቅሙ አይታይም። ሽታ ያለውን፣ «ያሞቃል» ወይም «ያቀዘቅዛል» የሚለውን ይተዉት፤ በሳሳ ቆዳ ላይ እሳት ነው። ከሲሊኮን የተሠራው ማለስለሻ ከውኃው ይልቅ ይቆያል። ዘይትነት ያለው ነገር ሁሉ ኮንዶምን እንደሚያበላሽም አይርሱ።

ድርቀቱ ቀላል ከሆነ እነዚህ ሊበቁ ይችላሉ። ግድግዳው ከሳሳና ከተሰነጠቀ ግን ያለሰልሱታል እንጂ አያድኑትም፤ ለዚያ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ አነስተኛ መጠን ኢስትሮጅን ያስፈልጋል።

ፋርማሲስት፣ ከባሕር ዳር፦ ኢስትሮጅን ማህፀን ላላት ሴት ለብቻው ከተሰጠ የማህፀን ካንሰር ያመጣል፤ ፕሮጄስትሮን መጨመር ግዴታ ነው። የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ማስጠንቀቂያም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ሴቶቹን ለምን ታደፋፍሪያቸዋለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚዋጠውን ወይም በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ማለትህ ከሆነ ልክ ነህ፤ እዚያ ላይ ፕሮጄስትሮን ግዴታ ነው። እኔ የምናገረው በብልት ውስጥ ስለሚቀመጠው አነስተኛ መጠን ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራ። እንክብሉ 10 ማይክሮግራም ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይገባል። በዓመት ወደ 114 እንክብል ይሆናል፤ ሲደመር ከ1.2 ሚሊግራም አያልፍም። የሚዋጠው ሆርሞን አንድ ክኒን ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊግራም ነው፤ እሱም በየቀኑ ይዋጣል። በእንክብሉ የሚታከሙ ሴቶች የደም ኢስትሮጅን ያረጠች ሴት ካላት መጠን ውስጥ ይቆያል።

ማስጠንቀቂያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ከሆነው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው፤ እነዚያ ሴቶች በአፍ የሚዋጥ ሆርሞን ነበር የወሰዱት። ጽሑፉ ግን በብልት በሚቀመጠውም ላይ ተለጠፈ፤ ብዙ ሴቶች ማሸጊያውን አንብበው መድኃኒቱን ሳይጀምሩ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2025 ያንን ማስጠንቀቂያ እንደሚያስነሳ አስታውቋል።

ፍርሃትህ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ። ክሬም ያለ ልክ ሲቀባ ወደ ደም መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ «ብዙ ባደርግ ቶሎ ይሽለኛል» አይሠራም። ደግሞም ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ከመድኃኒቱ በፊትም ሆነ በኋላ ይመርመር። ድርቀት ራሱ ያደማል፤ የማህፀን በር ካንሰርም ግን ከግንኙነት በኋላ ያደማል፣ በአገራችንም ብዙ ሴቶችን የሚይዝ ነው። ሳይታይ «ድርቀት ነው» ተብሎ አይታለፍም።

የ59 ዓመት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ክሬሙን ሁለት ሳምንት ተጠቀምኩ። ምንም ለውጥ ስላላየሁ አቆምኩት። ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ በሁለት ሳምንት መፍረድ ዘር ዘርቶ በማግሥቱ መከር መጠበቅ ነው። የአንዲት መምህርት ነገር ላንሳልዎት። ስትመጣ የ57 ዓመት ሴት ነበረች፤ ባሏን ከሸሸች ዓመት አልፏት ነበር። ስትመረመር ግድግዳው ገርጥቶ ያብለጨልጫል፣ እጥፋት የለውም፣ የጥጥ ዘንጉ ሲነካው ደም ጠብ አለ። የአሲድ መለኪያ ወረቀቱ ወደ 6 አነበበ፤ ከማረጥ በፊት ከ4.5 በታች ነው የሚሆነው። የማህፀን በሯ ምርመራ ንጹሕ ሆነ፣ በሽንት ካልቸሯም ምንም አልበቀለም።

ክሬም ታዘዘላት። በሁለተኛው ሳምንት እንደ እርስዎ «ምንም የለም» ብላ መጣች። ስጠይቃት መድኃኒቱን በመክተቻው እስከ ጥልቁ ታስገባለች፤ የሚያማት ግን መግቢያው ላይ ነው። በጣቷ ጫፍ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ወስዳ፣ ማታ ስትተኛ፣ መግቢያውንና የሽንት መውጫውን ዙሪያ ጭምር እንድትቀባ አሳየኋት። መጠኑ እንደ ክሬሙ ዓይነት ስለሚለያይ እርስዎ የታዘዘልዎትን ይከተሉ። በአራተኛው ሳምንት የሽንቱ ማቃጠል ቀነሰ። በስምንተኛው በእግሯ ስትሄድ ይሰማት የነበረው መፋተግ ጠፋ። ግንኙነት የሞከረችው ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔም ማለስለሻ ጨምራ። ከስድስት ወር በኋላ «ድኛለሁ» ብላ አቆመች፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ተመለሰ። ሆርሞኑ በራሱ ስለማይመለስ ሕክምናው ይቀጥላል። የማረጥ ሙቀትና ላብ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ ይበርዳል፤ ይህ ግን ካልታከመ እየባሰ ነው የሚሄደው።

ክሬሙ እየፈሰሰ ካስቸገረዎት እንክብል አለ፤ በብልት ውስጥ ሦስት ወር የሚቆይ ለስላሳ ቀለበትም አለ። እርስዎ ባሉበት አገር በየማታው የሚገባ ፕራስቴሮንና የሚዋጥ ኦስፔሚፊንም ይታዘዛሉ።

ከጎንደር፦ ስለ ወይባ ለምን አትጽፊም? እናቶቻችን በጢስ ነው ሴትነታቸውን የጠበቁት፤ እኔም ከታጠንኩ በኋላ ሰውነቴ ይፍታታል።

መልስ፦ እትዬ፣ ለሰውነት መፍታታትና ለቆዳ ውበት ከሆነ አልቃወምም፤ እኔም ሙሽሮችን አጥኛለሁ። ብልትን በቀጥታ በጢስና በሙቀት ማጠን ግን የሳሳውን ቆዳ የበለጠ ያደርቀዋል፣ ያቃጥለውማል። ከጢስ በኋላ «ጠበቅ አለ» የሚባለው ስሜት እኔ እስከማውቀው ደርቆ መኮማተሩ ነው። ወገብዎን ከታች ሸፍነው ይታጠኑ። በሳሙናም በዴቶልም ውስጡን አይጠቡ፤ ውጩን በውኃ ብቻ።

የ51 ዓመት፣ ከስቶክሆልም፦ የጡት ካንሰር ነበረብኝ፤ ሌትሮዞል እወስዳለሁ። ድርቀቱ ትዳሬን እየበላው ነው። ኢስትሮጅን ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ አለ ብል እዋሻለሁ። ሌትሮዞል የሚሠራው ኢስትሮጅንን ወደ ዜሮ በማውረድ ነው፤ ከብልት ወደ ደም የምትገባው ትንሽ መጠን ያንን ታበላሽ እንደሆነ ሐኪሞች ዛሬም ይከራከራሉ። በ2022 የወጣ የዴንማርክ ጥናት እንደ ሌትሮዞል ያለ መድኃኒት በሚወስዱት ላይ የካንሰሩ መመለስ ከፍ ብሎ አገኘ፤ ታሞክሲፈን የተባለውን ሌላውን የጡት ካንሰር መድኃኒት በሚወስዱት ላይ ግን አላገኘም። አንድ ጥናት ብቻውን አይፈርድም፤ እኔ ግን በእርስዎ ቦታ ብሆን በራሴ አልጀምርም።

መጀመሪያ እርጥበት ጠባቂውን ጄል ሳምንቱን ሙሉ፣ ማለስለሻውን በግንኙነት ሰዓት፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ይሞክሩ። መግቢያው ላይ ከሆነ የሚያምዎት፣ ከግንኙነት በፊት ለጥቂት ደቂቃ የሚያዝ፣ ሊዶካይን የተባለ የሚያደነዝዝ ፈሳሽ ረድቷቸው ያየኋቸው አሉ። ካልበቃ የካንሰር ሐኪምዎን «ወደ ታሞክሲፈን መቀየር ይቻላል? ካልተቻለስ በትንሹ መጠን ብንጀምር አደጋው ለእኔ ምን ያህል ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ከዱባይ፦ እዚህ ክሊኒኮች በሌዘር ያድሳሉ ይላሉ። ዋጋው ብዙ ነው፤ ልግባበት?

መልስ፦ እኔ ብሆን አልገባም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ቃጠሎና ጠባሳ አስጠንቅቋል። በ2021 የታተመ ጥናት ሌዘሩንና የማስመሰያውን ሕክምና ለአንድ ዓመት አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም።

የ28 ዓመት፣ ከሐዋሳ፦ ሕፃን እያጠባሁ ነው፤ እኔም ደርቄ ያመኛል። አርጬ ይሆን?

መልስ፦ አላረጥሽም፣ አይዞሽ። ማጥባት ኢስትሮጅንን ስለሚያወርድ ነው፤ ስታቆሚ ይመለሳል። እስከዚያ ማለስለሻ ተጠቀሚ፤ ካልበቃ ሐኪም ያማክርሽ።

ባል፣ ከአዲስ አበባ፦ ባለቤቴ ስድስት ወር ታከመች፤ ሐኪሟም ቆዳው ድኗል አሏት። አሁንም ግን ገና ስነካት ትጨማደዳለች። ጠልታኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለብዙ ጊዜ ያመመው አካል ሕመሙን ይጠብቃል። እጅ ሲቃጠል እንደሚሸሽ ሁሉ የዳሌዋ ወለል ጡንቻዎች ሳታዝዛቸው ይኮማተራሉ፤ ከዚያም መኮማተሩ ራሱ ያማል። ክሬም ይህን አይፈታም። በዚህ ላይ የሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጡንቻውን ማላላት ያስተምራታል፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ በተራ የሚገቡ ለስላሳ መለማመጃዎችም አሉ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ፍጥነት። ለተወሰኑ ሳምንታት ግንኙነቱን በስምምነት ይተዉትና መተቃቀፉ ይቀጥል። «ዛሬ ግዴታ የለም» ብለው በቃልዎ ይንገሯት፤ መታቀፍ ሁሉ ወደዚያ እንደሚያመራ ካሰበች መታቀፉንም ትሸሻለችና።

ያቺው የ54 ዓመት እናት፣ ከአዳማ፦ ሐኪሙ እንደ ልጄ ያለ ወጣት ወንድ ነው። ምን ብዬ ነው የምነግረው?

መልስ፦ በወረቀት ይጻፉና ይስጡት። «የወር አበባዬ ከቀረ አራት ዓመት ሆነኝ። በግንኙነት ጊዜ መግቢያው ላይ ያመኛል፣ ከዚያ ሽንቴ ያቃጥለኛል። የፈንገስና የሽንት መድኃኒት አላዳነኝም። ደም አይቼ አላውቅም።» አይተው ከሆነ የመጨረሻውን ይቀይሩት። ሴት ባለሙያ አብራው እንድትቆም መጠየቅ መብትዎ ነው።